ኮርቻ ሠሪው ያዒሽ ብን ማኽሉፍ፣ የልጃቸው ዋስ

አባቴ ያዒሽ ብን ማኽሉፍ ያረፉት ዐርብ ዕለት ነው፤ የምንቀብራቸው ዛሬ ሰኞ ነው።

ሙታናችንን ሳናሳድር መቅበር ሥርዓታችን መሆኑን ከዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ክርስቲያኖቹ ግን የስቅለት ሳምንታቸውን ስለሚያከብሩ የሰፈራችን በር ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ የንጉሡም ሹም ዘንድሮ ሕዝቡ እንደ ወትሮው አይደለም ብሎ እስከ ዛሬ ንጋት እንዳይከፈት ስላዘዘ፣ አስከሬናቸው መስኮቱ በሳንቃ በተመታው የሥራ ቤታቸው ወለል ላይ ተጋድሞ ቆየ። ወሩ ኒሳን፣ የደስታ ወር በመሆኑ ሽማግሌዎች ሙሾ ከልክለውኛል። የሕይወታቸውን ታሪክ ብቻ እንዳነብ፣ እሱንም እንዳሳጥር ተነግሮኛል። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ያየሁትንና ከእሳቸው አፍ የሰማሁትን ጽፌአለሁ።

አባቴ ከኮርቻ ሠሪው ከማኽሉፍና ከወይዘሮ ጀውሃራ በባሕር ዳሯ በማላጋ ከተማ፣ በግራናዳ ሱልጣን ግዛት ተወለዱ። ታናሽ እኅታቸው ሩሓማ እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች። በምኩራቡ ትምህርት ቤት ኦሪትን፣ በአባታቸው ደጅ ደግሞ የዐረብኛ ጽሕፈትን ተምረው፣ ወስፌ መጨበጥ ሲችሉ ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ጠፍር መስፋት ጀመሩ።

ፂማቸው ብቅ ሲል አባታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ግብር ተቀባዩ ወሰዷቸው። በማላጋ ግብሩ የራስ ግብር ነው። ሴት አትከፍልም፣ ሕፃን አይከፍልም፣ ሽባና እብድ አይከፍልም፤ ጤነኛ ወንድ ብቻ ይከፍላል። ተቀባዩ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከፋዩ ፊቱ ቆሞ እጁን ዝቅ አድርጎ ይሰጣል።

«ዝቅ በል እንጂ፤ ግንድ ነህ እንዴ?» አላቸው ተቀባዩ።

«ገና አዲስ ነው ጌታዬ፤ ይለምደዋል» አሉ አባታቸው።

ለመዱት። የከፈሉበትን ደረሰኝ በትንሽ የቆዳ ከረጢት አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። በዚያ አገር ያንን ወረቀት የያዘ አይሁዳዊ ወደ ፌዝ ከተማም ሆነ ወደ እስክንድርያ ቢሄድ «ወዴት?» የሚለው የለም። የአንዱ ግብር የአንዱ ነው፤ ጎረቤቱ ቢሞት ወይም ቢሰደድ የጎረቤቱ ድርሻ ወደ እሱ አይዞርም። ጥበቃውም በአንድ ሱልጣን በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ግብሩን የከፈለ ነፍሱና ንብረቱ እንደሚጠበቅ፣ ሃይማኖቱንም እንደማይገደድ በሃይማኖታቸው ሕግ የተጻፈ ቃል ኪዳን ነበር። ክፉ ገዥ ተነሥቶ ቃል ኪዳኑን ያፈረሰበት ዘመን እንደ ነበረ አያቶቻችን ነግረውናል፤ አባቴ በኖሩበት ዘመን ግን ጸንቶ ነበር።

ዋጋውም አብሮ ተጽፎ ነበር። አይሁዳዊ ቢጫ ምልክት ያደርጋል። ቤቱን ከእስላም ጎረቤቱ ቤት አያስበልጥም። አዲስ ምኩራብ አይሠራም፤ ያረጀውን ለማደስም ያስፈቅዳል። ለቀብር ሲወጣ በእስላሞች መንገድ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሰይፍ አይታጠቅም። በአህያና በበቅሎ እንጂ በፈረስ አይቀመጥም። አባቴ ቀኑን ሙሉ የማይቀመጡበትን ኮርቻ ይሠሩ ነበር።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንድ ፈረሰኛ አዲስ ኮርቻ አሠርቶ ሊረከብ መጣ። ኮርቻ ሰው ሳይቀመጥበት የፈረሱን ትከሻ ይጋጥ አይጋጥ እንደማይታወቅ የሙያው ሰዎች ታውቃላችሁ። በሌላ ጊዜ የሚፈትነው ባለቤቱ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሰውየው ክንዱ ቆስሎ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ውጣበትና እየው» አላቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ አይፈቀድልኝም።»

«ጓሮ ውስጥ ማን ያይሃል? ፈሪ! ወደ ጦር ሜዳ አላልኩህም እኮ።»

ወጡበት። ፈረሱ ደንግጦ በጓሮው በር ፈትልኮ አባቴን እንደ ያዘ የቆዳ ተራ መሐል ገባ። የገበያው ሹም ልጓሙን ይዞ ወደ ቃዲው ወሰዳቸው። ፈረሰኛው በዚያው ከሰዓት ከጭፍራው ጋር ወደ ጠረፍ ሄዷል። ያዩት ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ ሁለቱም አይሁድ ናቸው። የአይሁድ ምስክርነት በአይሁድ መካከል በራሳችን ዳኞች ፊት ሙሉ ነው፤ ከሳሹ እስላም ሲሆን ግን በቃዲው ፊት አይሰማም። አባቴ ስለዚያ ቃዲ ክፉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «እውነትህን ይሆናል ልጄ፤ ግን የተናገሩልህን ሰዎች የምሰማበት ጆሮ ሕጉ አልሰጠኝም» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ጅራቱ አዙረው በአህያ ላይ ተቀምጠው ገበያውን እንዲዞሩ ተፈረደባቸው። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ «ፈረሰኛው» ይላቸው ጀመር። «ፈረሰኛው፣ ዛሬስ ወደ የትኛው ጦርነት ነው?» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። የሚሳለቁት የገዛ ጓደኞቻቸው ነበሩ።

በዚያ ወራት የዚህች የእኛ ከተማ የሻቲባ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ መየር፣ የማላጋን ቆዳ ሊገዙ መጥተው የአባቴን የእጅ ሥራ አይተው ወደዱላቸው። ልጃቸውን ጃሚላን ሊድሩላቸው ጠየቁ።

«በእናንተ አገር አይሁዳዊ በፈረስ ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁ አባቴ።

«ይቀመጣል። የወይን ቦታም ይገዛል፤ አሥራቱን ለቤተ ክርስቲያን ይክፈል እንጂ።»

«ዳኛ ፊትስ?»

«አይሁዳዊን ለመርታት አንድ ክርስቲያንና አንድ አይሁዳዊ ምስክር ያስፈልጋል። ክርስቲያኑንም ለመርታት እንደዚያው። እዚህ ምንም ነህ ልጄ፤ እዚያ ግማሽ ነህ። ከምንም ግማሽ አይሻልም?»

አባቴ ሣቁ፤ የመጡትም ሣቁን ይዘው ነው። ሻቲባ በገቡ በሳምንቱ የአማታቸውን ፈረስ ለምነው እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ጋልበው ተመለሱ። እናቴ ደጅ ቆማ ስታያቸው እንደ ቡችላ ነበር የሚስቁት ትላለች። የጎረቤት ሴቶች «ጃሚላ፣ የሚጋልብ እብድ አገባሽ ወይ?» ብለዋታል። በዓመቱ እኔ ተወለድኩ፤ ከእኔ በኋላ እኅቴ ሶል። ሥራቸው ቀናላቸው፤ የራሳቸውን ፈረስ ገዙ።

እዚህ ያለውን ሕጋችንን ለእናንተ አልዘረዝርም፤ ኖራችሁበታል። አባቴ ግን ከውጭ ስለ መጡ እኛ ያላየነውን ያዩ ነበር። ነጻነታችን ሁሉ በንጉሡ ቻርተር የተጻፈ፣ በንጉሡ ማኅተም የታተመ ነው፤ እናም የንጉሡ ነን። ቻርተሩ ራሱ «የግምጃ ቤታችን ሀብት» ይለናል። አንድ ክርስቲያን አይሁዳዊን ቢገድል ካሳው የሚገባው ለንጉሡ ነው፤ የጎደለው የእሱ ዕቃ ነውና። ንጉሡ ሲሞት አዲሱ ንጉሥ ቻርተሩን እንዲያጸናልን ደግሞ እንከፍላለን። ግብሩም እንደ ማላጋ በየራስ አይደለም። ንጉሡ በማኅበሩ ላይ አንድ ድምር ይጥላል፤ ማኅበሩ በኦሪቱ ጥቅልል ፊት በግዝት እያስማለ የየሰውን ሀብት አስነግሮ ይደለድላል። በንጉሡ ደብዳቤ ነጻ የወጡ ባለጸጎች ከድልድሉ ይወጣሉ። አንድ ሰው ከተማውን ለቅቆ ከሄደ ድርሻው በቀረው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማንም ያለ ንጉሡ ፈቃድና ያለ ማኅበሩ ስምምነት እንዳይወጣ ሁለት ቁልፍ ተበጅቷል፤ አንዱ በሹሙ እጅ፣ አንዱ በእኛው እጅ።

አባቴ ይህን በጆሮአቸው ሰምተው በልባቸው ግን አላወቁትም ነበር። ስሕተታቸው ከዚህ መጣ።

እኔ አራት ዓመት ሲሞላኝ እናታቸው ጀውሃራ በጽኑ እንደ ታመሙና ልጃቸውን ለማየት እንደሚለምኑ ከማላጋ ተላከባቸው። አባቴ እንደ ማላጋ ሰው አሰቡ። የዓመቱን ድርሻቸውን ከጊዜው በፊት ከፍለው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙን በቆዳ ከረጢት አንገታቸው ላይ አሰሩ፤ ፈረሳቸውን ጭነው ማንንም ሳይሸሸጉ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየተሰናበቱ በቀን በዋናው በር ወጡ። በጠረፉ ኬላ ጠባቂው አስቆማቸው።

«ፈቃድ?»

ደረሰኙን አወጡ።

ጠባቂው አንብቦ ጓደኛውን ጠራ። «ና እዚህ፣ እየው! አይሁዱ ግብሩን ከፍያለሁና ልቀቁኝ ይላል።»

«ከከፈልኩ ምን ቀረባችሁ?» አሉ አባቴ።

«አንተ ቀረኸን። የሚከፍል በሬ ከበረት ሲወጣ ማን ዝም ይላል? ደግሞስ ፈረስ ይዘህ ወደ እስላም አገር? ፈረስ፣ ብረትና እህል ወደዚያ ማሻገር ክልክል መሆኑን አልሰማህም?»

ፈረሱ ተወረሰ። አባቴ ታስረው ተመለሱ። ሹሙ እንደ ሸሸ ቆጠራቸው፤ ማኅበሩም ድርሻውን በወንድሞቹ ላይ ጥሎ ሊጠፋ ነበር ብሎ ገዘታቸው። ሻማ ጠፍቶ፣ ቀንደ መለከት ተነፍቶ ስማቸው ሲጠራ እናቴ በሴቶች በኩል ቆማ ሰምታለች። ግዝት ላይ ያለን ሰው ማን እንደሚያናግረው ታውቃላችሁ፤ ማንም። ሥራ የሚያመጣላቸው ጠፋ። ያናገራቸው ከሰፈራችን ማዶ የሚኖረው እስላሙ ቆዳ ፋቂ ፈረጅ ብቻ ነበር። እስላሞቹም በዚህ አገር እንደ እኛው የንጉሡ ናቸው፤ ከሥራቸው ነቅለው ሲሄዱ ጌቶቻቸው ይቆጣሉ።

«ያዒሽ ወንድሜ፣» ይላቸው ነበር ፈረጅ በደጃፉ ቆዳውን እየፋቀ፣ «እኔና አንተ የአንድ ጌታ ሁለት አህዮች ነን። አንተን ግን የገዛ በረትህ አህዮችም ነከሱህ።»

«በእናንተ በእስላሞች አገር እኔን በአህያ ላይ ወደ ኋላ አስቀምጠውኝ ነበር።»

«ታዲያ ወዴት እንደምትሄድ ባታይም ትሄድ ነበር እኮ!»

አባቴ ይህን ሲያወሩልን በሣቅ ዐይናቸው ያነባ ነበር። በዚያ ወራት ግን አልሣቁም። የእናታቸው ሞት የተሰማው በግዝቱ መካከል ነው፤ ለሐዘን የተቀመጡት ብቻቸውን ነው። ጸሎቱን ለማድረስ ዐሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ ዐሥረኛው ቀርቶ ሁለተኛውም አልመጣም።

የተበደለ ሰው በሰንበት የኦሪት ንባብ እንዲቆም ለማድረግና ማኅበሩ ጉዳዩን እስኪሰማ ንባቡ እንዳይቀጥል ለማድረግ መብት ያለው መሆኑ ጥንታዊ ልማዳችን ነው። አባቴ ከሐዘኑ በኋላ በመጣው ሰንበት ወደ ምኩራብ ገቡ፤ የተገዘተ ከሚቀመጥበት ከበሩ ጥግ ተነሥተው ጥቅልሉ ሊከፈት ሲል ወደ መሐል መጡና በሁለት እጃቸው የንባቡን አትሮንስ ጠርዝ ይዘው ቆሙ።

የማኅበሩ ራስ ዶን ቦናፎስ፣ እነሆ ዛሬም በመካከላችን ቆመዋል፤ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ። «ያዒሽ፣ ልቀቅ፤ ሕዝቡ ጾሙን ነው» አሉ።

«እኔም ጾሜን ነኝ። እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። የሸሸሁ ከሆነ ለምን በቀን ወጣሁ? ለምን ከፍዬ ወጣሁ?»

«ለዘንድሮ ከፈልክ። ለከርሞስ?»

«ለከርሞ በምኖርበት እከፍላለሁ።»

«ንጉሡ ግን ከእኛ ነው የሚጠይቀው! ያንተን ድርሻ በማን ላይ ልጣለው? በመበለቲቱ በሶልቤሊታ ላይ ልጣለው? ተነሺ ሶልቤሊታ፣ ያዒሽ ይይሽ።»

ከሴቶቹ በኩል ሶልቤሊታ «እኔን በክርክራችሁ አታስገቡኝ፤ ቀድሞም ከብዶኛል» ስትል ተሰማ፤ አንዳንዱ ሣቀ። አባቴ አልሣቁም። አትሮንሱን እንደ ያዙ ራሳቸውን አጎነበሱ። ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ያን ጊዜ ነው የገባቸው፤ በማላጋ አይሁድን የሚጠብቀው ሱልጣኑ ነበር፣ እዚህ ግን አንዱ የሌላው ጠባቂ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ዶን ቦናፎስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ሁላችሁም ትመሰክራላችሁ። እሳቸውም በዚያው ድምር ውስጥ ነበሩ።

ሽማግሌዎች ግዝቱን አነሡላቸው። ወደ ፊት ለመሄድ ቢፈልጉ ግን ከቤተሰባቸው አንድ ሰው ዋስ ሆኖ፣ አካሉም ንብረቱም ተይዞ በከተማው እንዲቀር፣ የሚቀረውም የበኩር ልጃቸው እንዲሆን ወሰኑ። የበኩር ልጃቸው እኔ ነኝ።

«ጥላዬን እንጂ ልጄን ዋስ አልጠራም» ብለው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል የመውጣትን ነገር ከአፋቸው አልሰማንም።

በዚህ ውስጥ ያለፈውን ታውቁታላችሁ። ሰባኪው መነኩሴ በንጉሡ ትእዛዝ በሰንበት ምኩራባችን ገብቶ ሲሰብክ እንደ ማንኛችንም ቁጭ ብለው ሰምተዋል። ፈረጅ «ምን አላችሁ መነኩሴው?» ሲላቸው «በር አለ አለን፤ እሱም ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው» አሉት። «የእኛም መስጊድ በር እንደዚያው ነው፤ ገብቶ የወጣ አንገቱን ያጣል» አለ ፈረጅ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ። አንድ ነጋዴ የሠሩለትን ኮርቻ ሌላ ሰው ነው የሠራው፣ ዋጋ አልከፍልም ብሎ በሞገታቸው ጊዜ በክርስቲያን ዳኛ ፊት ሊምሉ የኦሪቱን ጥቅልል ተሸክመው ቆሙ፤ ጸሐፊው በሐሰት ቢምሉ የሚደርስባቸውን የእርግማን ዝርዝር እየጮኸ አነበበባቸው፤ በሕመም፣ በእብደት፣ በልጆች ሞት ሁሉ ላይ «አሜን» አሰኛቸው። ረቱ። ቤት ሲገቡ ግን እኔንና ሶልን ጠርተው በየተራ ግንባራችንን ዳሰሱን፤ ትኩሳት እንዳለን ለማየት ይመስለኛል።

ስለ ሁለቱ አገር ሲጠየቁ አንዱን አመስግነው ሌላውን አይረግሙም ነበር። «ማላጋ በሩ ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ትወጣለህ። ሻቲባ በሩ ረጅም ነው፤ በፈረስ ሆነህ ቁልፉን ታየዋለህ» ይሉ ነበር። ዳግመኛ ፈረስ አልገዙም።

ባለፈው ክረምት ለእኔና ለባለቤቴ ለሬይና ወንድ ልጅ ተወለደልን። እንደ ልማዳችን በሕይወት ባለ አያቱ ስም ያዒሽ አልነው። አባቴ በግርዘቱ ቀን ሕፃኑን በጉልበታቸው ይዘው ሳለ መተንፈስ ከብዷቸው ነበር፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል። እንግዶቹ ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው «ከሩሓማ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ» አሉኝ። በማግሥቱ በምርኩዝ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ፤ እኔ ደግፌአቸው ነበር።

«ልጄ ሐስዳይ፣ ሚስቱና ልጁ ወደ ማላጋ ይሂዱ። ሕጋችሁ ዋስ ይላል፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ቤቴን፣ የሥራ ቤቴን፣ ራሴን ያዙ» አሉ።

ዶን ቦናፎስ እግራቸውን አይተው «ያዒሽ፣ አንተ ለምን ያህል ጊዜ ልትዋስ ነው?» አሏቸው።

«በሩን እስኪወጡ ይበቃኛል።»

«ዋሱ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ከሞተ ፈቃዱ ይፈርሳል፤ ይህን እወቅ። ከወጣ በኋላ ቢሞት ግን ቤቱ ለድርሻው ይበቃል።»

«ስለዚህ አልሞትም» አሉ አባቴ፤ ሽማግሌዎቹ ሣቁ፤ ፈረሙላቸው።

የንጉሡ ፈቃድ በማኅተም የመጣው በቂጣው በዓል ሰሞን ነው። ከክርስቲያኖቹ ፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት አይሁዳዊ መንገድ ላይ አይገኝም፤ የሚያጅቡን ነጋዴዎችም ጉዟቸውን ለፋሲካው ማግሥት፣ ለዛሬው ሰኞ ቀጠሩ። ጓዛችን ታስሮ ነበር። በዓሉ እንዳለፈ አባቴ ተኙ፤ ምግብ አልወርድላቸው አለ። ሐኪማችን ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ በሽተኛ ሊያይ ሄዶ ሳለ የሰፈራችን በር ተዘጋበት፤ ተመልሶ መግባት አልቻለም። እኔም መውጣት አልቻልኩም።

የአባቴ ሐዘንተኞች ባለቤታቸው ጃሚላ፣ ልጃቸው ሶልና ባሏ፣ ምራታቸው ሬይና፣ የልጅ ልጃቸው ያዒሽና እኔ ነን። በማላጋ እኅታቸው ሩሓማ አለች፤ ገና አልሰማችም፤ ክፍሉን ጠርጋ ትጠብቀናለች። ቆዳ ፋቂው ፈረጅም ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሟል፤ እሱንም ቁጠሩልኝ። ዛሬ ንጋት ላይ በሩ ሲከፈት ነጋዴዎቹ ከእኛ ቀድመው ወጡ፤ ቃሬዛውን ይዘን አቧራቸውን ተከትለን ነው እዚህ የደረስነው። ፈቃዱ ፈርሷል። ከሐዘን ስነሣ የድልድሉ መዝገብ ላይ የእኔ ስም በአባቴ ቦታ ይገባል።

አብርሃምን «ከአገርህ ውጣ» ያለው አምላክ የአባቴን ነፍስ ያለ ፈቃድና ያለ ዋስ ተቀብሎ፣ ከእናታቸው ከጀውሃራ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናንተም ከቤታችሁ ሐዘን ያርቅ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ዐርብ ጠዋት ክርስቲያኖቹ ከአጥር ውጭ የሚወረውሩት ድንጋይ ጣሪያችን ላይ መውረድ ሲጀምር ሕፃኑ ጮኸ፤ አባቴ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አሉ።

«ዐርብ ነው አባዬ።»

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዐርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ እያሉ እስከ ሰኞ ይቆጥሩ ነበር።

«ጃሚላ፣ ሾርባ አለ?» አሉ።

ለቀናት አንድም ነገር ያልቀመሱ ሰው ናቸው። እናቴ ሮጣ አመጣች። የመጀመሪያው ማንኪያ በአገጫቸው ፈሰሰ፤ በእጃቸው ጠርገው ሌላ ጠየቁ። ሁለተኛው አስሳላቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። እናቴ «ይብቃህ ያዒሽ፣ አታሠቃይ ራስህን» ብላ ሳህኑን ልታነሣ ስትል ክንዷን ያዟት። በዐይናቸው ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ ሕፃኑ አዩ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ማንኪያውን ጠበቁ፤ ዋጡም።